በፈር ላይ ቤዝ ሲጨመር፦ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

አራት ኪሎ አካባቢ ኬሚስትሪ አስጠናለሁ። የፈተና ሰሞን ከሚመጡልኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ የበፈር ናቸው። ቀመሩን ሁሉም በቃሉ ይዞታል፦

pH = pKa + log([A⁻]/[HA])

የሚስቱት ግን ቀመሩ ጋ ከመድረሳቸው በፊት ነው።

ቤዙን ደምሮ አሲዱን መርሳት

ይሄ ስህተት በጣም ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ጎበዞቹም ይሳሳቱታል። ጥያቄው እንዲህ ነው እንበል። 500 ሚሊሊትር በፈር አለን። አሴቲክ አሲዱም ሶዲየም አሴቴቱም እያንዳንዳቸው 0.10 ሞላር ናቸው። የአሲዱ ፒኬኤ 4.76 ነው። 10 ሚሊሊትር የ1.0 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ብንጨምርበት ፒኤቹ ስንት ይሆናል?

ተማሪው 0.010 ሞል ቤዝ መጣ ይላል። አሴቴቱን ከ0.050 ወደ 0.060 ሞል ያሳድገዋል። አሲዱን 0.050 ላይ ይተወዋል። መልሱ 4.84 ይወጣለታል። ልክ ይመስላል፤ ልክ ግን አይደለም።

አሴቴቱ የጨመረው እኮ ከየትም መጥቶ አይደለም። ሃይድሮክሳይዱ አሲዱን በልቶ ነው አሴቴት የሠራው፦

CH₃COOH + OH⁻ → CH₃COO⁻ + H₂O

ስለዚህ መጀመሪያ ሦስት መስመር ጻፉ፤ በፊት፣ ለውጥ፣ በኋላ። አሲዱ ከ0.050 ወደ 0.040 ይወርዳል። አሴቴቱ ከ0.050 ወደ 0.060 ይወጣል። ሃይድሮክሳይዱ ያልቃል። ቀመሩ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። የ1.5 ሎግ 0.18 ነው፤ ፒኤቹም 4.94 ይሆናል።

«ጋሼ፣ በ0.1 ብቻ ነው የሳትኩት» ያለኝ ልጅ ነበር። ችግሩ እሱ ነው። መልሱ ቅርብ ስለሆነ ዓይን አይወጋም፣ ስህተቱም ሳይታወቅ ያልፋል። መፈተኛው ግን ቀላል ነው። የአሲዱና የአሴቴቱ ሞል ድምር ከበፊቱ መለወጥ የለበትም። 0.040 ሲደመር 0.060 አሁንም 0.100 ነው። በተማሪው ስሌት ግን 0.110 ሆኗል። ያቺ ትርፍ 0.010 ከየት መጣች?

ሞላርን ከሞል መቀነስ

ከ0.10 ሞላር ላይ 0.010 ሞል አይቀነስም። ሁሉንም መጀመሪያ ወደ ሞል ለውጡ።

ክፍልፋዩን መገልበጥ

ቤዝ ጨምራችሁ ፒኤቹ 4.58 ከወጣ ላይና ታቹ ተገላብጧል።

አሲዱ ካለቀ በኋላም ቀመሩን መጠቀም

እዚያው በፈር ላይ 60 ሚሊሊትር ብናፈስስ 0.060 ሞል ቤዝ ነው። አሲዱ ግን 0.050 ብቻ ነበር። አሁን በፈር የሚባል ነገር የለም። የተረፈው 0.010 ሞል ሃይድሮክሳይድ በ560 ሚሊሊትር ውስጥ ነው፤ ፒኤቹ 12.25 ይሆናል። እዚህ ላይ ጠቅላላ መጠኑ ያስፈልጋል። በቀመሩ ውስጥ ግን ሁለቱም በአንድ ፈሳሽ ውስጥ ስላሉ መጠኑ ይጣፋል።

በፒኬቢ ጥንድ መምረጥ

«ለፒኤች 5.0 በፈር ምረጡ» ሲባል ሰንጠረዡ ላይ አሞኒያ 4.75 ተብሎ ይታያል። ቅርብ ነው ብለው ያነሱታል። ያ ቁጥር ግን የአሞኒያ ፒኬቢ ነው። ጥንዱን የምንመርጠው በአሲዱ ፒኬኤ ነው፤ የአሞኒየም ፒኬኤ ደግሞ 9.25 ነው። ሁልጊዜ ፒኬቢን ከ14 ቀንሱ።

ስህተቱ ምን እንደሚያደርስ በቁጥር እንየው። በድምሩ 0.100 ሞል አሞኒየምና አሞኒያ ይዘን ፒኤቹን 5.0 አደረግነው እንበል። እዚያ ፒኤች ላይ ሁሉም ማለት ይቻላል አሞኒየም ነው። 0.010 ሞል ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ስንጨምር ፒኤቹ ወደ 8.30 ይዘላል። በዚያው ድምር የአሴቲክ አሲድና አሴቴት ጥንድ ብንይዝ ግን 5.0 የነበረው 5.20 ላይ ይቆማል።

ጥንድ ያልሆነውን ማጣመድ

ፎስፎሪክ አሲድና ትራይሶዲየም ፎስፌት ይዘው «ጥንድ ነው» የሚሉ አሉ። ጥንድ የሚባሉት በአንድ ፕሮቶን ብቻ ሲለያዩ ነው። ለፒኤች 7.4 የሚሆኑት H₂PO₄⁻ እና HPO₄²⁻ ናቸው፤ ፒኬኤያቸው 7.20 ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። 7.4 ከፒኬኤው በላይ ስለሆነ አሲዱ ያንሳል። ከ0.100 ሞል ፎስፌት ውስጥ 0.039 ያህሉ ብቻ ነው ቤዝ የሚበላው። የሚመጣባችሁ ቤዝ ወደዚያ የሚጠጋ ከሆነ ሁለት አማራጭ አላችሁ። ወይ የፎስፌቱን መጠን ከፍ አድርጉ፣ ወይ ፒኬኤው ከ7.4 ትንሽ የሚበልጥ ጥንድ ፈልጉ።