በሁዳዴ ፈተና ላይ ላላችሁ፦ ትኩስ ሽሮ ከድናችሁ አልጋ ሥር አታስቀምጡ

ግቢ ጉባኤ ውስጥ ስናገለግል የሁዳዴ ፈተና በደረሰ ቁጥር የምናየው ጥፋት አለ። ካፌው ምሳ የሚያበቃው 7:30 አካባቢ ነው፤ ፈተናው ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይቆያል፤ ጾሙ ደግሞ ቢያንስ እስከ 9 ሰዓት ነው። ተማሪው ታዲያ ምሳውን ተሰልፎ ይቀበልና ትኩሱን ሽሮ እንጀራው ላይ አስደርጎ፣ ፕላስቲክ ምሳ ዕቃውን ጥርቅም አድርጎ ከድኖ አልጋ ሥር ይሸጉጠዋል።

እባካችሁ ይህን ተዉ! ትኩስ ወጥ ታፍኖ ሲቀመጥ፣ በተለይ ቆላ ባለ ግቢ፣ ቶሎ ይበላሻል። አንዲት የሁለተኛ ዓመት እህታችን ከፈተና ወጥታ በረሃብ ያገኘችውን በላች፤ ሌሊቱን ስታስመልስ አደረች፤ የጠዋቱ ፈተና አመለጣት። ሽታው እንዴት አላስጠነቀቃትም እንዳትሉ፤ እንጀራው ራሱ ኮምጣጣ ስለሆነ የወጡን መበላሸት ይሸፍነዋል። እንጀራውን ትታችሁ ወጡን እዩ፦ አረፋ ካወጣ ወይም በማንኪያ ስታነሡት ከተዝለገለገ ድፉት። ጥሩ መስሎ ቢታይም ሙቀት ውስጥ ለሰዓታት የቆየ ወጥ አይታመንም።

ከሰዓት ፈተና ባለባችሁ ቀን የምሳውን ወጥ አትቀበሉ፤ ወጥ በእራት ሰዓት ትበላላችሁ፤ እስከዚያ ደረቅ ነገር ያዙ። የቁርሱን ዳቦ ካፌው ማውጣት የሚፈቅድ ከሆነ ተቀብላችሁ አቆዩት። ከቤት የተላከ በሶ ካለ በትንሽ ላስቲክ ቋጥሩና ከውኃ ጋር ቦርሳ ውስጥ ክተቱ፤ 10 ሰዓት ላይ ከአዳራሹ ስትወጡ በጥብጣችሁ ጠጡ። 11 ሰዓት ላይ እራት ይደርሳል።

የ9 ሰዓት ጸሎት ፈተና ላይ እያላችሁ ቢደርስ በልባችሁ አንድ አቡነ ዘበሰማያት በሉና ጻፉ። የቀረውን ስትወጡ ታደርሳላችሁ።

ሌሊት የምታጠኑ ደግሞ «ገና አልተኛሁምና ቀኑ አልተለወጠም» እያላችሁ በሌሊቱ 8 ሰዓት ቆሎ አትቆርጥሙ። የነገው ጾም የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ነው፤ ውኃም ያው ነው። ስለዚህ ውኃችሁን ከፈታችሁበት ሰዓት ጀምሮ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ቀስ በቀስ ጠጡ። በአንድ ጊዜ ሊትር ሙሉ ብትጨልጡ ሌሊቱን ስትመላለሱ ታድራላችሁ እንጂ ለነገ አይቆይላችሁም። ቅዳሜና እሑድ እስከ 9 ሰዓት መቆየት የለም፤ ከቀዳም ስዑር በቀር ጠዋት የጾም ምግብ ይበላል። በእነዚያ ቀናትም ቁርስ እየዘለሉ የሚደክሙ አሉ።

ጨጓራ ያለባችሁ ሰዓቱን በራሳችሁ አታሳጥሩ፤ እየተንቀጠቀጣችሁም አትቀጥሉ። ይህን የሚወስኑት የንስሐ አባታችሁ ናቸው። ፈተናው ከመግባቱ በፊት ባለው ሳምንት ደውሉላቸው፤ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ በስንት ሰዓት እንደምትወስዱ፣ ከምግብ ጋር ይሁን በባዶ ሆድ፣ ሐኪሙ ያላችሁን አንድ ሳታስቀሩ ንገሯቸው።