አፑን ማጥፋት ክፍያውን አያቆመውም

ደብረ ብርሃን ውስጥ ትንሽ የኮምፒውተር ቤት አለችኝ። ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ፎርም እሞላለሁ፣ ስልክ አስተካክላለሁ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ግን በየወሩ ከካርድ የሚቆረጥ የአፕ ክፍያ ጉዳይ እየተመላለሰ ይመጣብኛል። «ሰርዤዋለሁ፤ አሁንም እየቆረጠ ነው።» ካርዱ ብዙ ጊዜ የባለጉዳዩ አይደለም። ውጭ ያለ ወንድም ወይም እህት ካርድ ነው፤ ስለዚህ ከገንዘቡ ይልቅ ይሉኝታው ይከብዳል።

«እንዴት ሰረዝከው?» ስል መልሱ አንድ ነው። «አጠፋሁታ!»

እባካችሁ፣ አፕ ማጥፋት መሰረዝ አይደለም። ስልኩን ብትሰብረው፣ ብትሸጠው፣ በረሳ ወንዝ ውስጥ ብትጥለውም ክፍያው ይቀጥላል። ውሉ ያለው ስልኩ ላይ ሳይሆን ክፍያውን የሚሰበስበው ድርጅት ዘንድ ባለው አካውንትህ ላይ ነው። ካርዱን አንዴ ስታስገባ «በየወሩ ውሰድ» ብለህ ፈቅደሃል። ከዚያ በኋላ የምስጢር ቁጥር አይጠይቅህም፤ ነጋዴው ራሱ ነው የሚያስቆርጠው።

ሁለተኛው ስህተት የካርዱን የባንክ ስቴትመንት መስመር አንብቦ አለመጨረስ ነው። እዚህ ላይ የአንድ ልጅን ታሪክ ልንገራችሁ።

ልጁ የሰርግ ቪዲዮ ያነሳል። ጥር ሲመጣ ከመሐል ሜዳ እስከ ሸዋ ሮቢት ሲዞር ነው የሚከርመው። አሜሪካ ያለች እህቱ ለገና መጥታ ሳለ የቪዲዮ ማቀናበሪያ አፕ ላይ ካርዷን አስገባችለት። 7 ቀን በነፃ፣ ከዚያ በወር 9.99 ዶላር። ዐቢይ ጾም ገባ፣ ሰርግ ቆመ፣ አፑን አጠፋው። ጥቅምት ላይ እህቱ ሌሊት ደወለች። «አንተ፣ ይሄ ነገር እስካሁን እየቆረጠኝ ነው እኮ!» ከመጋቢት ጀምሮ 8 ጊዜ፣ 79.92 ዶላር።

ልጁ ደንግጦ ወደ አፑ ድረ ገጽ ገባ። አካውንቱ `Free` ይላል። ለድጋፍ ክፍሉ ሲጽፍ «በዚህ ኢሜይል የተመዘገበ ክፍያ የለም» አሉት። ይህን መልስ ካገኛችሁ ዋሹኝ ብላችሁ አትቆጡ። አብዛኛውን ጊዜ በሌላ ኢሜይል ተመዝግባችኋል፣ ወይም ገንዘቡን የሚሰበስበው ሌላ አካል ነው ማለት ነው። የእሱ ሁለቱም ነበር።

እኔ ዘንድ ሲመጣ መጀመሪያ የጠየቅሁት የእህቱን ስቴትመንት ፎቶ ነው። መስመሩ በ`GOOGLE *` ይጀምራል፤ ከኮከቧ በኋላ ሁለታችንም የማናውቀው ስም አለ። እህቱ «ሌባ ነው» ብላ ደምድማ ነበር። ፕሌይ ስቶር ላይ አፑን ስንከፍት ያ ስም ከአፑ ስም ሥር ተጽፎ አገኘነው። የሠሪው ኩባንያ ስም ነው። እንግዲህ ሰብሳቢው ጉግል ከሆነ በአፑ ድረ ገጽ ላይ ምንም ብንነካካ አይቆምም።

ቀጥሎ ያለው ጥያቄ በየትኛው የጉግል አካውንት ነው የሚለው ነው። ስልኩ ላይ ሦስት ጂሜይል አለ። ሦስቱም ውስጥ `GPA.` ብለን ፈለግን፤ የፕሌይ ስቶር የደረሰኝ ቁጥር የሚጀምረው በዚህ ነው። ሁለቱ ባዶ ሆኑ። ሦስተኛው፣ ስልኩን ሲገዛ የተከፈተለትና ከዚያ በኋላ አይቶት የማያውቀው፣ ደረሰኝ በደረሰኝ ነው! በዚያው አካውንት ፕሌይ ስቶር ገባን፣ ላይ ያለውን ፎቶ ነካን፣ `Payments & subscriptions`፣ ከዚያ `Subscriptions`፣ ከዚያ `Cancel subscription`። አራት ደቂቃ አልፈጀም።

መስመሩ በሌላ ስም ለሚጀምርባችሁም መንገዱ ተመሳሳይ ነው። `APPLE.COM/BILL` ከሆነ አይፎን ላይ `Settings` ገብታችሁ ስማችሁን ነክታችሁ `Subscriptions`። `PAYPAL *` ከሆነ ፔይፓል ውስጥ `Automatic payments`። `PADDLE.NET*` ከሆነ እዚያው paddle.net ላይ ግዢያችሁን ፈልጉ። ከኮከቧ በፊት ያለው ገንዘቡን ማን እንደሚሰበስብ ይነግራችኋል፣ ከኋላዋ ያለው ለማን እንደሚሰበስብ።

ሦስተኛው «ካርዱን ቀይሬ እገላገላለሁ» ማለት ነው። እህትየው ይህንን ሐምሌ ላይ ሞክራዋለች። አዲስ ካርድ፣ አዲስ ቁጥር። ነሐሴ ላይ አዲሱም ተቆረጠ! ቪዛም ማስተርካርድም የተቀየረ ካርድ አዲስ ቁጥር ለነጋዴው የሚያደርስ አገልግሎት አላቸው። የቪዛው `Account Updater`፣ የማስተርካርዱ `Automatic Billing Updater` ይባላል። የተሠራው ደንበኛው ካርዱ ባለቀ ቁጥር አገልግሎት እንዳይቋረጥበት ነው። ለእሷ ግን ሦስት ወር ተጨማሪ አስከፈላት።

ካርዱን ባዶ አድርጎ መተውም ያው ነው። ነጋዴው ለቀናት ደጋግሞ ይሞክራል፤ ገንዘብ በገባ ቀን ይወስዳል።

አራተኛው በጣም ያናድደኛል። ባንክ ደውሎ «ካርዴ ተሰርቋል» ማለት። ራስህ ያስገባኸውን ካርድ ተሰርቋል ስትል ካርዱ ይዘጋል፣ ጉዳዩም በማጭበርበር ፋይል ይከፈታል። ነጋዴው ደግሞ በአንተ ኢሜይል፣ በአንተ ስልክ የተከፈተውን አካውንት አውጥቶ ያሳያል። ተሸነፍክ። ያለህን እውነተኛ አቤቱታም በእጅህ አበላሸኸው። ትክክለኛው ቃል «በዚህ ቀን የሰረዝኩት ተደጋጋሚ ክፍያ ነው፤ ማስረጃው ይኸው» የሚል ነው። ቪዛ ዘንድ ይህ ራሱን የቻለ የክርክር ዓይነት ነው፤ ቁጥሩ 13.2፣ ስሙም `Cancelled Recurring Transaction`። የጊዜ ገደብ ስላለው ወር አታሳልፉበት።

ወደፊት እንዳይቆረጥ ብቻ ከሆነ የሚፈለገው ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነው፦ በዚህ ነጋዴ ላይ ክፍያ አቁሙልኝ። የእህትየው ዓይነት የአሜሪካ ዴቢት ካርድ ከሆነ ከሚቀጥለው መቁረጫ ቀን ቢያንስ 3 የሥራ ቀን ቀደም ብሎ ለባንኩ መንገር ያስፈልጋል። እዚህ አገር ባንክ የወጣ የዶላር ካርድ ከሆነ ስቴትመንቱንና የስረዛ ኢሜይሉን አትማችሁ ወደ ቅርንጫፋችሁ ሂዱ። አደራ፣ ክፍያው ገና `Pending` እያለ አትሂዱ፤ እስኪጸድቅ ጠብቁ።

አምስተኛው የእኔ የራሴ ነው። አንዴ የዲዛይን ፕሮግራም ሰርዤ በኩራት ተነሳሁ። በሚቀጥለው ወር ቆረጠኝ። ለካ `Cancel` ከነካሁ በኋላ «50 በመቶ ቅናሽ እንስጥህ?» የሚል ገጽ መጥቶ ነበር፤ እሱን ዘግቼ ወጥቻለሁ። መጨረሻ ላይ የምትመጣውን ማረጋገጫ አልነካኋትም። አሁን አገልግሎቱ የሚያበቃበት ቀን እስኪጻፍልኝና የስረዛ ኢሜይል እስኪደርሰኝ ከወንበሬ አልነሳም። ስክሪንሾቱንም አነሳለሁ፤ ባንኩ የሚጠይቀኝ እሷን ነው።

ልጁ 79.92ቱን አላገኘውም። እስከዚያች ቀን ድረስ በትክክል አልሰረዘውምና ለክርክር የሚያቀርበው የስረዛ ቀን የለውም። ለመጨረሻው ወር ብቻ ለሠሪው ኩባንያ ተመላሽ ጠየቅንለት፤ ያንን መለሱለት። ኅዳር ላይ እህቱ ስቴትመንቷን ፎቶ አንስታ ላከችልን። መስመሩ የለም።

ጥር ሲደርስ ልጁ እንደገና መጣ። «ጋሼ፣ ያንን አፕ ላስገባው ነበር።»

«በየትኛው ኢሜይል?» አልኩት።