ረጅም ሰነድ ስትቆርጡ መልሱ ለሁለት እንዳይከፈል

ከአንድ ወዳጄ ጋር ቆቦ አካባቢ ላሉ የልማት ሰራተኞች የማሽላ መመሪያ በጥያቄ የሚፈለግበት ሲስተም እየሰራን ነበር። ሲስተሙ ሰነዱን በቁራጭ ከፍሎ ለጥያቄው የሚቀርበውን ቁራጭ ያመጣል። "አቀንጭራን መቼ ልንቀል?" ብለን ጠየቅን። የመጣው ቁራጭ "በእጅ መንቀል ይቻላል፣ ነገር ግን" ይልና እዚያው ያበቃል። "አበባ ሳያወጣ" የሚለው ቀጣዩ ቁራጭ ውስጥ ቀርቷል። ዘሩ መሬት ላይ ከረገፈ በኋላ የሚነቀል አቀንጭራ ለገበሬው ምን ይረባዋል? ሰነዱን በ300 ፊደል ነበር የቆረጥነው።

አብሽሩ፣ ይስተካከላል። ግን ከቁጥሩ አትጀምሩ። መጀመሪያ ሰራተኞቹ በትክክል የሚጠይቋቸውን 20 ጥያቄዎች ሰብስቡ፣ የእያንዳንዱን መልስ ሰነዱ ውስጥ ፈልጉና ስንት ፊደል እንደሚይዝ ቁጠሩ። የእኛዎቹ ከ350 እስከ 800 ሆኑ፣ አንዱ ብቻ 1,300 ደረሰ። ስለዚህ 900 አልን። ለምን 2,000 አይሆንም? እያንዳንዱ ቁራጭ ወደ አንድ ቬክተር፣ ማለትም ትርጉሙን ወደሚወክል የቁጥሮች ዝርዝር ነው የሚለወጠው፣ ፍለጋውም የጥያቄውን ቬክተር ከእነዚህ ጋር ያነጻጽራል፤ ስለ አቀንጭራም ስለ ማዳበሪያም ስለ ጎተራም የሚያወራ ቁራጭ የአንዱንም ጥያቄ በደንብ አይመስልም። ደግሞ ወደ ቬክተር የሚለውጡት ሞዴሎች ጽሑፉን ቶክን በሚባሉ ትናንሽ ክፍሎች ነው የሚያነቡት፤ ብዙዎቹ ከ512 ቶክን በላይ ያለውን ምንም ሳይናገሩ ይጥሉታል፣ አማርኛ ደግሞ ከእንግሊዝኛ የበለጠ ቶክን ይበላል። ጽሑፉን ወደ ቶክን በሚከፍለው በራሱ በሞዴሉ ቶክናይዘር ቁጠሩት፣ ካለፈ ቀንሱ።

ቀጥሎ መቁረጫው አራት ነጥብን እንዲያውቅ አድርጉ። ለመቁረጥ የተጠቀምንበት የፓይተን ላይብረሪ ላንግቼይን ካልነገራችሁት "።" ምን እንደሆነ አያውቅም፣ ክፍት ቦታ ካገኘ ዓረፍተ ነገሩን መሀል ላይ ይበጥሰዋል። ብዙ ሰው አራት ነጥብን በሁለት "፡" ስለሚጽፍ ቀድማችሁ "፡፡"ን በ"።" ተኩ። ከፒዲኤፍ የወጣ ጽሑፍ በየመስመሩ ስለሚሰበር ነጠላውን የመስመር መስበሪያ "\n" ከመቁረጫ ምልክቶቹ ዝርዝር አውጥተነዋል፤ ባዶ መስመር ከየርዕሱ በፊት ብቻ አስቀረን።

```python
RecursiveCharacterTextSplitter(
    chunk_size=900,
    chunk_overlap=200,
    separators=["\n\n", "።", " ", ""],
    keep_separator="end",
)
```

መደራረቡ ላይ፣ ማለትም የአንዱ ቁራጭ መጨረሻ በቀጣዩ መጀመሪያ ላይ ምን ያህል እንደሚደገም በሚወስነው chunk_overlap ላይ፣ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ እኛም ተሳስተናል። መጀመሪያ 150 ሰጠነው፣ ቁራጮቹን አትመን ስናይ ግን ብዙ ቦታ ላይ ምንም የተደገመ ነገር የለም! ይህ መሳሪያ የሚደግመው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ከ150 ከበለጠ ጭራሽ አይደግምም። የእኛ ረጅሙ 170 ፊደል ነበርና 200 ስናደርገው ተስተካከለ። እናንተም ረጅሙን ዓረፍተ ነገር ለኩና ከዚያ ትንሽ ከፍ አድርጉ። በጣም ካበዛችሁት ግን ከላይ የሚመጡት ሦስት ውጤቶች አንድ ዓይነት ነገር ይሆናሉ።

አሁን 20ዎቹን ጥያቄዎች እንደገና ጠይቁና የሚመጡትን ቁራጮች በዓይናችሁ አንብቡ። ግማሽ መልስ ከመጣ መጠኑን ወይም መደራረቡን ጨምሩ። መልሱ ጭራሽ ካልመጣ ግን ቁራጩ ብዙ ጉዳይ ተሸክሞ ይሆናል፣ አሳንሱት፤ ወይም የምዕራፉን ርዕስ ከየቁራጩ በላይ ለጥፉ። ለዚያች 1,300 ፊደል ለምትይዝ መልስ ብለን ሁሉንም አላሳደግንም። ለየቁራጩ ተራ ቁጥር ሰጠንና አንዱ ሲገኝ ቀጣዩም አብሮ እንዲመጣ አደረግን።