ፖስት ኤዲት ሳደርግ ላይኩ ይጠፋል ወይ? ችግርና መፍትሄ

ባለፈው የእድራችንን ስብሰባ ፌስቡክ ላይ ስፖስት «እሁድ 3 ሰዓት» ማለት ሲገባኝ ቅዳሜ ብዬ ለቀቅኩት፣ ሳየው 140 ላይክ ገብቶበታል፣ አጥፍቼ እንደገና ልለጥፈው ወይስ ኤዲት ላርገው ብዬ ተጨነቅኩ። እናንተም ይሄ ከገጠማችሁ አታጥፉት፣ ኤዲት አድርጉት።

ችግር፦ ላይኩ ይጠፋል ብዬ ፈራሁ።
አይጠፋም። ፌስቡክ ላይክና ኮመንቱን የሚይዘው ከፖስቱ ጋር ነው እንጂ ከጽሁፉ ጋር አይደለም፣ ስለዚህ ጽሁፉን ብትቀይሩት 140ው እዛው ይቀመጣል፣ ካጠፋችሁት ግን ሁሉም አብሮ ይሄዳል። የጊዜ ገደብም የለውም፣ የዛሬ ዓመት የለጠፋችሁትንም ዛሬ ማስተካከል ትችላላችሁ።

ችግር፦ አስተካክዬው ሰው አሁንም ቅዳሜ መጣ።
እኔን የጎዳኝ ይሄ ነው። ኤዲት ስታደርጉ ቀድመው ላይክ ላደረጉት ሰዎች «ተቀይሯል» የሚል ኖቲፊኬሽን አይሄድም፣ አንዴ አንብበው አልፈዋል በቃ። ቀን፣ ዋጋ ወይም ቦታ ከቀየራችሁ ፖስቱ መጀመሪያ ላይ «ተስተካክሏል፦ እሁድ ነው» ብላችሁ ጻፉ፣ እንመጣለን ብለው ኮመንት ላደረጉት ደግሞ እዛው ኮመንታቸው ስር መልሱላቸው፣ ያኔ ኖቲፊኬሽን ይደርሳቸዋል።

ችግር፦ ቀይሬው እያለ የድሮውን ስክሪንሾት አድርገው ላኩብኝ።
ስክሪንሾት ቀድመው አንስተው ላይሆን ይችላል። ፖስቱ ላይ ያሉትን ሶስት ነጥቦች ነክቶ `View edit history` ያለ ሰው እያንዳንዱን የቀድሞ ጽሁፍ ከነሰዓቱ ያያል፣ ፖስቱን ማየት የሚችል ሁሉ ሂስትሪውንም ማየት ይችላል። ሂስትሪውን ብቻ ለይቶ መደምሰስ አይቻልም። ስልክ ቁጥር ወይም የሰው ሚስጥር በስህተት ከለጠፋችሁ ኤዲት አያድናችሁም፣ ላይኩ ቢቀርም ይቅር፣ ፖስቱን አጥፉት። እኔ በበኩሌ ሂስትሪው መታየቱን እደግፋለሁ፣ ሰው አንድ ነገር ወዶ ላይክ ካደረገ በኋላ ጽሁፉ ሌላ ነገር ሆኖ ስሙ ስር ቢቀመጥበት ቢያንስ ያኔ ምን እንደነበር ማሳየት መቻል አለበት።

ችግር፦ የኤዲት ምርጫው ራሱ የለም።
አብዛኛውን ጊዜ ፖስቱ በፔጁ ስም ተለጥፎ እናንተ በግል አካውንታችሁ ስለገባችሁ ነው፣ ወደ ፔጁ ቀይሩና ሞክሩ። ግሩፕ ላይ ከሆነ አድሚን ብትሆኑም የሌላ ሰው ፖስት ማጥፋት እንጂ ጽሁፉን መቀየር አትችሉም፣ ባለቤቱን ጠይቁት።

ቴሌግራም ቻናል የለመደ ሰው ፌስቡክም እንደዛው ይመስለዋል። እዛም ሪአክሽኑ ኤዲት ሲደረግ አይጠፋም፣ ግን ተከታዩ የሚያየው መቀየሩን የሚገልጽ ምልክት ብቻ ነው፣ የድሮውን ጽሁፍ ከፍቶ ማየት አይችልም። ዋትሳፕ ቻት ላይ ደግሞ ለማስተካከል 15 ደቂቃ ብቻ ነው የሚሰጣችሁ፣ ካለፈ ማስተካከያውን በአዲስ መልእክት ጻፉት።