በመስፈርት መከታተያ ሠንጠረዥ ለእያንዳንዱ ግንኙነት አንድ ረድፍ ይስጡ

የሶፍትዌር መስፈርትን ከሙከራ ጋር በምናገናኝበት ሠንጠረዥ፣ የአንድን መስፈርት ሙከራዎች ሁሉ በአንድ ሕዋስ ውስጥ በነጠላ ሰረዝ ለይቶ መደርደር ለዓይን ያማረ ቢመስልም ለቆጠራ አያመችም፤ ሙከራ TC-1ን ስንፈልግ TC-10 እና TC-11 አብረው ይመጣሉና። ይልቁንም Links በሚባል ገጽ ላይ እያንዳንዱን የመስፈርትና የሙከራ ጥንድ፣ መስፈርቱን በA ዓምድ ሙከራውን በB አድርጋችሁ፣ በየራሱ ረድፍ ጻፉ፤ ጉድለቶችን ደግሞ Bugs በሚባል ሌላ ገጽ ላይ መስፈርቱን በA፣ ሙከራውን በB፣ ሁኔታቸውን በC ዓምድ አድርጋችሁ መዝግቡ። ከዚያም የመስፈርቶቹ ቁጥር ከA2 ጀምሮ በተጻፈበት የመስፈርቶች ዝርዝር ውስጥ፣ የሙከራዎችንና የክፍት ጉድለቶችን ብዛት በቅደም ተከተል የሚቆጥሩትን እነዚህን ሁለት ቀመሮች በሁለት ዓምድ አስገቡ፦

```
=COUNTIF(Links!A:A,A2)
=COUNTIFS(Bugs!A:A,A2,Bugs!C:C,"Open")
```

ኮምቦልቻ ላለ አንድ የእህል መጋዘን በሠራነው ሥርዓት፣ «ካለው ክምችት በላይ ወጪ እንዳይደረግ» የሚለው REQ-07 ሁለት ሙከራና አንድ ክፍት ጉድለት አሳየ፤ ጉድለቱም ሁለት ንብረት ክፍሎች በአንድ ቅጽበት ወጪ ሲያደርጉ ክምችቱ ከዜሮ በታች መውረዱ ነበር። «የተሰረዘ የወጪ ሰነድ እህሉን ወደ ክምችት ይመልስ» የሚለው REQ-09 ግን ዜሮ አወጣ፤ ለካ ሙከራ የጻፈለት ሰው አልነበረም። በአሮጌው ሠንጠረዥ ይህ ባዶ ሕዋስ በተጨናነቁት መካከል ተደብቆ ከርሟል።

ጉድለትን በመስፈርቱ ስም ብቻ አትመዝግቡ፤ ከተስተካከለ በኋላ የትኛው ሙከራ እንደሚደገም የሚነግረን የሙከራው ቁጥር ነው። የሙከራዎቹ ቁጥር ዜሮ መሆኑ ሙከራ አለመኖሩን በእርግጥ ያሳያል፤ ሁለት ወይም ሦስት መሆኑ ግን መስፈርቱ በሙሉ ተፈትኗል ማለት አይደለም። መስፈርቶቹ ከአሥር የማይበልጡ ከሆነ አንድ ገጽ ይበቃል።