ስላይዱ ተተርጉሞም ሰው ካልገባው፦ የጉድጓድ ውሃ ፕሬዘንቴሽን ችግርና መፍትሄ

የጥልቅ ጉድጓድ ሪፖርት ለወረዳ ካቢኔ፣ ለቀበሌ ስብሰባና ለውሃ ኮሚቴ ማቅረብ ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። መሃንዲሶቹ 40 ስላይድ ይልኩልኛል። እኔ ወደ 10 አወርደዋለሁ። ፊደል ማተለቅ፣ ሰንጠረዥ ማሳጠር፣ ሎጎ መቀነስ የመሳሰለውን ታውቁታላችሁ ብዬ አልፌዋለሁ። እዚህ የምጽፈው ያን ሁሉ አድርጋችሁም ሰው ዝም ብሎ ሲያያችሁ የሚሆነውን ነው።

መጀመሪያ አልፎ አልፎ የሚገጥሙትን ልጨርስ። ፊደሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ከወጣ የሰዎቹ ላፕቶፕ ላይ ፎንቱ የለም ማለት ነው፤ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ሂዱ። ካርታው ላይ የራሱን መንደር የሚለይ ሰው ከጠፋ ቤተ ክርስቲያኑን፣ መስጊዱን፣ ትምህርት ቤቱንና ገበያውን ጻፉበት። መብራት ከሄደ ደግሞ ዋና ዋናዎቹን ሦስት ስላይዶች በትልቅ ወረቀት አትማችሁ መያዝ ነበረባችሁ።

ምልክት፦ ሁሉም በአማርኛ ተጽፏል፣ ግን ማንም አይጠይቅም

በብዛት የሚያጋጥመኝ ይሄ ነው። አቅራቢው «ገባችሁ?» ይላል። ሁሉም አንገቱን ይነቀንቃል። ከስብሰባው ወጥታችሁ በረንዳ ላይ አንዱን ብትጠይቁት አንድም ነገር አልያዘም።

ምክንያቱ ስላይዱ መተርጎሙ እንጂ እንደ አዲስ አለመጻፉ ነው። ሰውየው መዝገበ ቃላት ይዞ ይቀመጥና ለእያንዳንዱ የእንግሊዝኛ ቃል አንድ የአማርኛ ቃል ይፈልጋል። በዚህ መንገድ ስታቲክ ዋተር ሌቭል የሚባለው «የማይንቀሳቀስ የውሃ ደረጃ» ይሆናል። ለመሃንዲስ ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ፓምፕ ሳይነሳ በፊት ውሃው ያለበት ጥልቀት ማለት ነው።

አንድ ቀበሌ ላይ ይቺን ቃል ራሴ አንብቤያታለሁ። አንድ አባት እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ እስካሁን የቆመ ውሃ ስንጠጣ ነው የታመምነው። አሁንም የማይንቀሳቀስ ውሃ ልታጠጡን ነው?» አሉኝ። ልክ ናቸው። እሳቸው አገር የማይንቀሳቀስ ውሃ ማለት ኩሬ ነው፤ ከብት የሚገባበት፣ ትል ያለበት። ያን ቀን አርባ ደቂቃ ያህል ስለ ኩሬ ስንከራከር ቆየን፤ ስለ ጉድጓዱ ሳናወራ መሸ።

ስላይዱ ላይ የነበረው ይሄ ነው፦

```
SWL = 38 m   DWL = 52 m   s = 14 m
Q = 3 l/s    t = 72 h     PP = 70 m
```

ስድስት ቁጥር ነው። ተርጓሚው ስድስት የአማርኛ ስም አወጣላቸው፤ ጭራሽ ቅንፍ ከፍቶ እንግሊዝኛውንም መልሶ አስገባው። እንዲህ ያለውን ስላይድ ሳይ ደሜ ይፈላል። አድማጩ ስም አልፈለገም። ምን እንደተደረገና ምን እንደታየ ነው የፈለገው።

መፍትሄው ቃሉን ትቶ ድርጊቱን መናገር ነው። አሁን ያ ስላይድ እንዲህ ይላል፦ «ፓምፕ ሳናስነሳ ውሃው ከመሬት በታች 38 ሜትር ላይ ነበር። ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ሳናቋርጥ ሳብን። ውሃው 14 ሜትር ወረደና 52 ሜትር ላይ ሲደርስ መውረዱን አቆመ። ስናጠፋው ተመልሶ ወጣ። ፓምፑን 70 ሜትር ላይ እናስቀምጠዋለን፤ ውሃው ሲወርድ ደረቅ እንዳይስብ።» ከ3 ሊትር በሰከንዷ በቀር ቁጥሮቹ አሉ፤ ወደ እሷ በኋላ እመለሳለሁ። አንድም የሙያ ቃል የለም።

ቀጥሎ ማነጻጸሪያ ያስፈልጋል። ወንዝ በበጋ በሚደርቅበት አካባቢ ሁልጊዜ የሚሰራልኝ የአሸዋው ጉድጓድ ነው። እንዲህ እላለሁ፦ «ወንዙ ሲደርቅ አሸዋውን ትቆፍራላችሁ። ውሃው ቀስ እያለ ይሰበሰባል። በጣሳ ረጋ ብላችሁ ከቀዳችሁ አይነጥፍም። ተሻምታችሁ ከቀዳችሁ ግን ደለሉ ይወጣል፤ ከዚያ ቁጭ ብላችሁ ትጠብቃላችሁ።» ይህን ስል ሴቶቹ ይስቃሉ። ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸዋ። ለምን ከዚህ የሚበልጥ ፓምፕ እንደማንገጥም፣ ለምን ሦስት ቀን ሙሉ እንደሳብን፣ ሁሉም በዚያች በአንዷ ነገር ይገባል።

ግን ተጠንቀቁ። ማነጻጸሪያው የሚያነክስበትን ቦታ እዚያው ተናገሩ። የአሸዋው ጉድጓድ አንድ ጎርፍ ሲመጣ ይሞላል። ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ያለው ውሃ ግን ከሩቅ ሰርጎ የመጣ ነው፤ ትናንት ዘነበ ተብሎ ዛሬ አይጨምርም። ይህን ካልነገራችሁ ክረምት ላይ «ዘንቦ የለ፣ ለምን አይጨምርም?» ትባላላችሁ።

ሌላም ጥንቃቄ፦ ደጋ ላይ አሸዋ የሚቆፍር ሰው ላታገኙ ትችላላችሁ። ማነጻጸሪያ ከመምረጣችሁ በፊት በበጋ ውሃ ከየት እንደሚቀዱ ጠይቁ።

«ከመሬት በታች ትልቅ ሐይቅ አለ» የሚለውን ደግሞ እባካችሁ ተዉት። ውሃው ያለው በተሰነጣጠቀ ድንጋይ ውስጥና በአሸዋና በጠጠር መሃል ነው። ሐይቅ ያላችሁት ሰው ቀጥሎ «ታዲያ ሐይቅ ካለ ምን ይገድባችኋል? ሌላ ፓምፕ ጨምሩበት» ነው የሚላችሁ። ሐይቅ ብላችሁት ሰውየውን መውቀስ አይቻልም።

የተጻፈው መስራቱን የማረጋግጠው በቢሯችን ሾፌር ነው። ስላይዱን አንዴ አሳየዋለሁ፤ ከዚያ እዘጋዋለሁና «እስኪ ለባለቤትህ ስትነግራት እንዴት ትላለህ?» እለዋለሁ። «ገባህ?» ብሎ መጠየቅ አይረባም። በእኛ አገር ጨዋ ሰው «አልገባኝም» አይልም። እሱ ሲናገር የዘለለው ወይም ያጣመመው ቦታ ላይ ስላይዱ ችግር አለበት። አንድ ጊዜ «ፓምፑ 70 ሜትር ይረዝማል» ብሎኝ ነበር። ስላይዱ ላይ የተጻፈው «የ70 ሜትር ፓምፕ» ነበር። ወዲያው አስተካከልኩት።

ምልክት፦ «ይሄ ሁሉ ገንዘብ ወጥቶ 3 ሊትር ብቻ?»

ይህን አንድ የወረዳ ኃላፊ ከፊት ወንበር ሆነው በቁጣ ብለውኛል። ስላይዱ «3 ሊትር በሰከንድ» ይላል። ሰው ግን የሚሰማው ሊትሩን እንጂ ሰከንዱን አይደለም። 3 ሊትር ደግሞ አንድ ጀበና ቡና ካፈላችሁ በኋላ እጅ መታጠቢያ የሚተርፍ ውሃ ነው።

መፍትሄው መለኪያውን ሰው በጀርባው በሚያውቀው መቀየር ነው፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን። በሰከንድ 3 ሊትር ማለት አንድ ጀሪካን በ7 ሰከንድ ገደማ፣ በሰዓት 540 ጀሪካን ነው። ፓምፑ በፀሐይ የሚሰራ ከሆነ ደግሞ «ይህን ያህል ኪሎዋት» ከማለት «በጥሩ ፀሐይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ይስባል» ማለት ይበልጣል። ስድስት ሰዓት ስለሆነ በቀን 3,240 ጀሪካን ይመጣል። ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ብላችሁ ብታካፍሉት ለ2,500 ሰው ይበቃል። ደመና የዋለበት ቀን ከዚህ እንደሚያንስ እዚያው ላይ ጻፉ፤ በቃል ብቻ የተነገረ ማስጠንቀቂያ ከአዳራሹ አይወጣም።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። «አንድ ጀሪካን በ7 ሰከንድ» የምትለዋን ወድጃት በትልቁ ጽፌያት ነበር። ቦኖው ሲመረቅ አንድ ወጣት ስልኩን አውጥቶ ሰዓት ያዘ። ከአንድ ደቂቃ በላይ ፈጀ። «ዋሽታችኋል» አለ፤ ሰውም ተቀበለው። 7 ሰከንድ የሚባለው ጉድጓዱ አፍ ላይ ነው። ውሃው ከዚያ ወደ ማጠራቀሚያው ይወጣል፣ ከማጠራቀሚያው ደግሞ ወደ ብዙ ቧንቧ ይከፋፈላል። አንዱ የቦኖ ቧንቧ በሰከንድ ሩብ ሊትር ቢሰጥ ጀሪካኑ በ80 ሰከንድ ይሞላል። ጉድለት አልነበረም፤ ግን ማንም አልነገራቸውም። አሁን ስላይዱ ላይ ያለው ሰው በእጁ የሚይዘው ቁጥር ብቻ ነው፦ «ቦኖው ላይ አንድ ጀሪካን ለመሙላት አንድ ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ያህል።» የጉድጓዱን ፍጥነት ለኃላፊዎቹ ብቻ በቃል እነግራለሁ።

ምልክት፦ ሰው ሁሉ ደስ ብሎት ወጣ፣ መጥፎው ዜና ግን አልደረሰም

ይሄ የሚመጣው ከመጠን በላይ ሲቀል ነው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ብዙ ጉድጓድ ፍሎራይድ አለበት። የላብራቶሪው ስላይድ መጠኑ ከ1.5 ሚሊግራም በሊትር እንደሚበልጥ ይናገራል፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ያስቀመጠው ወሰን ነው። ያቀለለው ሰው «ውሃው መጠነኛ የጥራት ችግር አለበት» ብሎ አለፈው። አድማጭ «የጥራት ችግር» ሲባል አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያውቀው፤ አፍልቶ መጠጣት።

ፍሎራይድ ደግሞ ሲፈላ አይጠፋም። ውሃው በተነነ ቁጥር እንዲያውም ይጠነክራል። የጥሩ እናት ጥንቃቄ ነገሩን አባባሰው ማለት ነው። በጨርቅ ማጥለልም ሆነ ለጀርም የሚጨመረው ክሎሪን አያወጣውም።

እዚህ ጋ ማነጻጸሪያ አትፈልጉ፣ ነገሩንም አታለስልሱ። እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ «ይህን ውሃ ልጆች ለዓመታት ከጠጡት ጥርሳቸው ይበልዛል፤ መጠኑ ከበዛ አጥንትም ይጎዳል። ማፍላት አያድነውም። ለልብስና ለገላ ይሆናል። ለመጠጥ ግን ሌላ ምንጭ ወይም ማጣሪያ ያስፈልጋል።» አካባቢው ላይ ጥርሱ የበለዘ ሰው ካለ አንዱ ራሱ ተነስቶ ይናገራል። እናንተ ግን ጣት አትጠቁሙ። ፎቶም አትለጥፉ፤ የሚታየው የጎረቤታቸው ፊት ነው።

ምልክት፦ የዞኑ ባለሙያ ተነስቶ «ሙያዊ አይደለም» አለ

እሱም እውነት አለው፤ የእሱ ጥያቄ የፓምፑ ከርቭና የቧንቧው ግፊት ነው። የመሃንዲሱን 40 ስላይዶች አትደምስሱ። ከመጨረሻው ስላይድ ኋላ ደብቃችሁ አስቀምጧቸው፤ ቁጥራቸውንም ወረቀት ላይ ጽፋችሁ በኪሳችሁ ያዙ። ሲጠይቅ በስብሰባው ፊት አትክፈቱለት፤ ሻይ ሲታወጅ አጠገቡ ቁጭ በሉና ላፕቶፑን ወደ እሱ አዙሩለት።