የሦስት ክቦች ቬን ዲያግራም ቆጠራው አልገጥም ሲል

120 ሰዎች ዜና ከምን እንደሚከታተሉ ተጠየቁ። 65 ሰዎች ሬዲዮን፣ 70 ቴሌቪዥንን፣ 40 ጋዜጣን መረጡ። ከእነዚህ ውስጥ 35ቱ ሬዲዮንና ቴሌቪዥንን፣ 20ዎቹ ሬዲዮንና ጋዜጣን፣ 18ቱ ቴሌቪዥንንና ጋዜጣን፣ 12ቱ ደግሞ ሦስቱንም ይከታተላሉ። አንዱንም የማይከታተሉት ስንት ናቸው?

ምልክት፦ «ሬዲዮ ብቻ» የሚለው ክፍል -2 ይሆናል።
ምክንያት፦ 35፣ 20 እና 18 እንዳሉ በሁለት ክቦች መደራረቢያ ውስጥ ተጽፈዋል፤ 12ቱ ግን በእያንዳንዳቸው ውስጥ አስቀድመው ተቆጥረዋል።
መፍትሔ፦ ከመሃል ይጀመር። 12ን መሃል ላይ ጽፎ ከየጥንዱ በመቀነስ 23፣ 8 እና 6 ይገኛል። አሉታዊውን ቁጥር አጥፍቶ በዜሮ የሚተካ ተማሪ ስህተቱን የጠቆመውን ምልክት ማጥፋቱን ይወቅ።

ምልክት፦ ሁሉም ቁጥር ደህና ይመስላል፣ አንዱንም የማይከታተሉት ግን 42 ይሆናሉ።
ምክንያት፦ ደጋግሜ የማየው ይህንን ነው፤ አሉታዊ ቁጥር ስለማያወጣ ጎበዝ ተማሪዎችንም ያታልላል። ተማሪው መደራረቢያዎቹን በትክክል ከሞላ በኋላ «ሬዲዮ ብቻ» ለማግኘት ወደ ጥያቄው ተመልሶ 65-35-20=10 ይላል። ሦስቱንም የሚከታተሉት 12 ሰዎች በ35ቱም በ20ውም ውስጥ ስላሉ ሁለት ጊዜ ተቀንሰዋል። ይኸው በሦስቱም ክቦች ሲደገም 36 ሰዎች ይጠፋሉ፤ መልሱም ከትክክለኛው በዚያው ልክ ይበልጣል።
መፍትሔ፦ መቀነስ ያለበት በክቡ ውስጥ የተጻፈው እንጂ በጥያቄው ላይ ያለው አይደለም። ስለዚህ ሬዲዮ ብቻ 65-23-8-12=22፣ ቴሌቪዥን ብቻ 70-23-6-12=29፣ ጋዜጣ ብቻ 40-8-6-12=14 ይሆናል። ሰባቱ ክፍሎች ሲደመሩ 114 ስለሚሆኑ አንዱንም የማይከታተሉት 6 ናቸው። መልሱን ከመጻፍ በፊት የእያንዳንዱ ክብ አራት ክፍሎች ይደመሩ፤ በተሳሳተው ሥዕል 10+23+8+12=53 ስለሚሆን ከ65 የጎደለው 12 ጥፋተኛውን በቀጥታ ያሳያል።

ምልክት፦ ሥዕሉ ትክክል ሆኖ መልሱ ይሳሳታል።
ምክንያት፦ «ሬዲዮንና ቴሌቪዥንን የሚከታተሉ» ሲባል 23 ተብሎ ይመለሳል።
መፍትሔ፦ «ብቻ» የሚል ቃል ከሌለ መሃሉ ይጨመርና 35 ይሆናል። «ሁለቱን ብቻ» 23+8+6=37 ሲሆን «ቢያንስ ሁለቱን» 49 ነው። ሥዕሉ ተሞልቶ ከተሰጠ ግን በየክፍሉ ያለው ቁጥር የዚያ ክፍል ብቻ ስለሆነ ዳግም እንዳይቀነስ።

የመሃሉ ቁጥር ካልተሰጠ በx ተተክቶ የሁሉም ክፍሎች ድምር ከጠቅላላው ጋር እኩል ይደረጋል። የጥንዱ ቁጥር ከመሃሉ ካነሰ ግን ጥያቄ አዘጋጁ «ብቻ» የሚለውን ቃል ዘሎታል፤ ይህን ያህል ግድየለሽነት የተማሪን ጊዜ በከንቱ ያባክናልና ጥያቄው ለአዘጋጁ ይመለስለት።